የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ በአማርኛና በትግርኛ

ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም
መቐለ

ለዓይደር ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል
የሰው ሀብት አስተዳደር

ጉዳዩ፦ በገዛ ፈቃዴ ሥራ ስለ መልቀቅ

በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል በነርስነት እያገለገልኩ እገኛለሁ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ስለምሄድ ከነሐሴ 7 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ መልቀቄን በአክብሮት አሳውቃለሁ። ሕጉ የሚጠይቀውን የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ በዚህ ደብዳቤ ሰጥቻለሁ።

የምማረው በስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ነው። የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፣ በነርሲንግ። ወጪውን የሚሸፍነው የብሪታንያ መንግሥት የቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ ነው። ነርስ ውጭ ሄደች ሲባል ሰው ወዲያው «በቃ ቀረች» ይላል። ይህ ስኮላርሺፕ ግን ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ አገር መመለስንና ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየትን ግዴታ ያደርጋል። ፈርሜበታለሁ። ግዴታው ባይኖርም ሐሳቤ መመለስ ነው።

«ታዲያ ለምን የትምህርት ፈቃድ አልጠየቅሽም?» ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። እኔ በፈቃድ ብሄድ መደቡ በወረቀት ላይ በስሜ ተይዞ ይቆያል። ክፍሉ ውስጥ ግን የሚሠራ ሰው አይኖርም። የእኔ ተራ ደግሞ ባልደረቦቼ ላይ ይወድቃል። መደቡ ዛሬ ክፍት ሆኖ ሰው ቢቀጠርበት ይሻላል። ስመለስ እንደማንኛውም አመልካች ተወዳድሬ እገባለሁ።

ስለዚህ ሁለት ልመና አለኝ። አንደኛው፣ በእኔ ቦታ የሚመደበው ሰው እኔ ከመውጣቴ በፊት ይመደብ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት አብረን ብንሠራ ጥሩ ነው። በዚህ ክፍል ብዙው ነገር በጽሑፍ ርክክብ አይተላለፍም። ለምሳሌ ሕፃናቱን ለመተንፈስ የሚረዳቸውን ሲፓፕ ውሰዱ። ጠርሙሱ ውስጥ አረፋው ካቆመ አዲስ ሰው ወደ ኦክስጅኑ ይሮጣል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን የሕፃኑ አፍንጫ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ወጥቶ ወይም ላልቶ ነው። ጠርሙሶቹ ላይ ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪፕቶ አስምሬያለሁ። ውሃው ከመስመሩ በታች ከወረደ ግፊቱም አብሮ ይወርዳል። የጽዳት ሠራተኞች ፕላስተሩን እንዳይልጡት አደራ።

ሁለተኛው የካንጋሮ እንክብካቤ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ከተወለዱበት ሰዓት ጀምሮ ከእናታቸው ደረት ጋር እንዲሆኑ ነው። እኛ ጋ ችግሩ የፍላጎት አይደለም፣ የወንበር ነው። እናት ጀርባዋን የምታስደግፍበት ከሌለ ትንሽ ቆይታ ወገቧን ያማትና ሕፃኑን ትመልሳለች። የሚዘረጉ ወንበሮች እንዲገዙ ከዚህ በፊት የቀረበው ጥያቄ እኔ ስለወጣሁ እንዳይረሳ።

በእጄ ያለውን የሆስፒታሉን ንብረት አስረክቤ ክሊራንስ እጨርሳለሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃዬ የሠራሁበትን ክፍል በስም ጠቅሶ ቢጻፍልኝ ደስ ይለኛል፤ «ነርስ» ብቻ ከተባለ እዚያ የሚረዳኝ የለም። ያልተጠቀምኩበት የዓመት ፈቃድም በሕጉ መሠረት እንዲታሰብልኝ እጠይቃለሁ።

የመጣሁት በ2015 ዓ.ም መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ትግርኛዬም የአያቴን ቤት ያህል ብቻ ነበር። አማርኛው ለፋይል ይሁን። ቀጥሎ ያለው ግን ለባልደረቦቼ ነውና በክፍላችን ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ እፈልጋለሁ።

ዝኸበርኩም መሳርሕተይ፣

ንላዕለዋይ ትምህርቲ ናብ ወፃኢ ስለ ዝኸይድ ካብ ስራሕ ብፍቓደይ ይስናበት ኣለኹ። ናይ መወዳእታ መዓልተይ ነሓሰ 7 እዩ። ክሳብ ሽዑ ናይ ለይቲ ተራይ ከም ዘለዎ እዩ፤ ንዝመፅእ ሓድሽ ሰብ ድማ ባዕለይ ከርእዮ እየ። ትግርኛይ እናሰሓቕኩም ዘቃናዕኩምለይ ብጣዕሚ የቐንየለይ። ምስ ኣደታት ምዝራብ ካባኹም እየ ተማሂረ። ቴሌግራመይ ኣይቅየርን፤ ሕቶ እንተሃልዩኩም ፀሓፉለይ።

ከሰላምታ ጋር / ምስ ሰላምታ

ሲስተር ሄለን ተስፋይ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለነርሲንግ አገልግሎት
ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል አስተባባሪ
ለፋይናንስ ክፍል