ምልክቴ ጀሪካን ነው

እንደምን አደራችሁ! አካም ቡልተን! ሱበሕ ወናግሰን!

የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች፣ ተኝታችሁ በምታረፍዱበት ሰዓት ለዚህ የተማሪዎች ካውንስል ሰብሳቢ ምርጫ ስትሉ በማለዳ ስለመጣችሁ በተለይ አመሰግናለሁ። ከፊት በፀሐይ ላይ የቆማችሁ ወደ ኒሙ ጥላ ጠጋ በሉ። አምስት ደቂቃ ተሰጥቶኛል፤ ከዚያ በላይ አላቆማችሁም።

ሂክማ ጀማል እባላለሁ። የ11ኛ ሐ ተማሪ ነኝ። የምኖረው ገንደ ቆሬ ሲሆን እናቴ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ከትምህርት በኋላ ሚዛኑን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ አንዳንዶቻችሁ በርበሬ ስትገዙ አይታችሁኛል። ስትከራከሩኝም አስታውሳለሁ።

በ9ኛ ክፍል አለቃ ነበርኩ። ስለዚያ ዓመት ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ ራሴ ልናገር። መምህር በሌለበት ክፍለ ጊዜ የረባሽ ስም ስጽፍ አብራኝ የምትቀመጠውን ጓደኛዬን ዘለልኳት። እሷ ደግሞ ከሁሉም በላይ ትጮህ ነበር። አንድ ልጅ ከኋላ ተነሥቶ «የእሷስ ስም የት አለ?» አለኝ። አፌ ተያዘ። ስሟን ጻፍኩ፤ ከሥሩ የራሴንም ጨመርኩ። ሁለታችንም ግቢውን ጠረግን። ያ ልጅ ዛሬ እዚሁ መካከላችሁ ቆሟል፤ የምርጫ ፎርሜ ላይ በድጋፍ ከፈረሙት አንዱም እሱ ነው።

አሁን ወደ ጀሪካኑ ልምጣ። ምልክት ምረጡ ስንባል ኳሱም እስክሪብቶውም ቀድመው ተወስደው ነበር። እኔ ግን ጀሪካኑን የወሰድኩት ስለተረፈ አይደለም። ባለፈው ዓመት ከኋላ ያለው ቧንቧ ለሦስት ሳምንት ተዘግቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ወሩ ግንቦት ነበር። የድሬዳዋ ግንቦት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። ከቤት በጀሪካን ውኃ ይዘን የመጣንበት፣ ከሰዓት በኋላ ራሳቸውን እያዞራቸው ከክፍል የወጡ ልጆች ያየንበት ጊዜ ነው።

ሁላችንም አማረርን። ሁላችንም ደግሞ አንድ ሰው ለቢሮ ተናግሯል ብለን አሰብን። በሦስተኛው ሳምንት እኔ ገብቼ ጠየቅሁ። «ጠቅላላ አገልግሎት ሂጂ» ተባልኩ። እዚያ ስደርስ «ዕቃ ግምጃ ቤት ጠይቂ» አሉኝ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ የጥያቄ ደብዳቤ የታለ? እስከ ዛሬ ማንም አልጻፈልኝም» አሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ወረቀት አልተጻፈም! በዕረፍት ሰዓት ደብዳቤውን ጻፍኩ፤ የክፍል ኃላፊያችን ፈረሙበት፤ በማግሥቱ የቧንቧ ሠራተኛ መጣ። የተበላሸችው በጣት የምትያዝ ጎማ ነበረች። ዋጋዋ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ አይበልጥም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ይዣለሁ። ይኸውላችሁ። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፤ የአያቴ ነው። አያቴ የምድር ባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ስለሆነች ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ አያት አይጠፋም። የእኔው ሁልጊዜ የሚያወሩት ስለ አንድ መዝገብ ነው። የተበላሸው ዕቃ ይጻፍበታል፤ የጠገነው ሰው ይፈርምበታል፤ ያልተፈረመበት መስመር ካለ አለቃው «ይህ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

እኔ የማመጣላችሁ ይህንኑ መዝገብ ነው። በሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ አንድ ደብተር ይሰቀላል። የፈለገ ሰው የፈለገውን ይጽፍበታል፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ። ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። የካውንስሉ አባል ጥያቄውን ለሚመለከተው ቢሮ በደብዳቤ ያቀርባል፤ ያቀረበበትንም ቀን ይጽፋል። ዓርብ ዓርብ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ መልስ ያገኘውም ያላገኘውም በሦስቱም ቋንቋ ይነበባል። ያላገኘው ሲነበብ የማፍረው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ቶሎ እንዲያገኝ እሮጣለሁ።

የመጀመሪያው ገጽ ከወዲሁ ተጽፏል። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ሁለት በሮች መቀርቀሪያ የላቸውም። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ከውጭ በሩን ትይዝላታለች። ወንዶች አትሳቁ፤ እህቶቻችሁ ናቸው። ቀጥሎ ያለው የቤተ መጻሕፍቱ ነገር ነው። የጠዋቶቹ ስንወጣ ለምሳ ይዘጋል፤ የከሰዓቶቹ ሲወጡ ደግሞ ለማታ ይዘጋል። 12ኛ ክፍሎች ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁት ታዲያ መቼ ገብተው ነው? የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋን አነጋግሬያለሁ። የክበቡ አባላት በተራ ኃላፊነት ወስደን ከፈረምን በምሳ ሰዓት ቁልፉን ለመስጠት ፈቃደኛ ናቸው፤ የቀረው የርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ነው። ባለፈው ክረምት ከተከልናቸው ችግኞች የደረቁትም አሉ። ስንተክል ፎቶ የተነሣን ብዙዎች ነን፤ ውኃ ያጠጣነው ግን ጥቂቶች።

ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከእኔ በፊት የተናገረው ወንድሜ፣ ባለኳሱ፣ ሣር የለበሰ ሜዳ ቃል ገብቶላችኋል። እውነቱን ለመናገር እኔም አጨብጭቤለታለሁ፤ ያማረ ንግግር ነበር። ግን የካውንስል ሰብሳቢ በጀት አይፈርምም። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ተነጋግሮ ነው የሚወሰነው፤ እዚያ የእኛ ድርሻ በደንብ የተዘጋጀ ጥያቄ ማቅረብ ነው። የሜዳውን ጥያቄ እኔም አቀርባለሁ፤ እንዲያውም ወንድሜ ራሱ እንዲጽፈው እለምነዋለሁ፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ሜዳ ይሠራል ብዬ ቃል ግን አልገባም።

የደቻቱን ወንዝ ታውቁታላችሁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያደረሰውን ጉዳት ወላጆቻችን ስለማይረሱት አልቀልድበትም። ነገር ግን በበጋ በድልድዩ ላይ ስታልፉ የምታዩት አሸዋ ብቻ ነው። የምርጫ ሰሞን ንግግር እንደዚያ ሆኖ ይታየኛል፤ አንድ ቀን ሞልቶ ያስገመግማል፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ። ከእኔ የምታገኙት ቧንቧ ነው። ቀጭን ነው፣ ድምፅም የለውም። ሲዘጋም ለማን እንደሚጻፍ አውቃለሁ።

አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል፤ ሳልመልስ አልወርድም። «በፈተና ጊዜ ገበያም፣ ትምህርትም፣ ካውንስልም እንዴት ትችያለሽ?» ብላችኋል። እናቴን አስፈቅጃለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ሚዛኑን ታናሽ ወንድሜ ይይዛል። እሱ በርበሬ አጉድሎ ከሰጣችሁ እሱንም ደብተሩ ላይ ጻፉት።

ምርጫው በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ነው። የከሰዓት ፈረቃዎች እስከዚያ ከግቢ እንዳትወጡ። መታወቂያችሁን ያዙ፤ ያለ መታወቂያ ወረቀት አይሰጥም። ጀሪካኑ ከላይ ሲቆጠር ሦስተኛው ነው፤ ከጎኑ ባለው ሣጥን የኤክስ ምልክት አድርጉ። ሁለት ቦታ ምልክት ያለበት ወረቀት ስለማይቆጠር ተጠንቀቁ። ባለኳሱን ከመረጣችሁም አልቀየማችሁም፤ ደብተሩን ለእሱ አስረክበዋለሁ፤ የመጀመሪያው ገጽ ተጽፎ አልቋል።

አመሰግናለሁ! ገለቶማ! መሀድሰኒድ!