አቤቱታችሁ የት ደረሰ? ከ«ደርሶናል» እስከ «ተመልሷል»

ይህን የጻፍኩት ቪዲዮ ተነሥቶባችሁ አቤቱታ ላስገባችሁና ቻናላችሁን ለምከታተልላችሁ ሁሉ ነው። በዓል ባለፈ ቁጥር ስልኬን የሚያጨናንቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «በመታየት ላይ ይላል፤ ጥሩ ምልክት ነው?» ጥሩም መጥፎም አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች የሚነግሯችሁ ጉዳዩ የት እንዳለ ብቻ ነው። ማን እንዳሸነፈ የሚናገሩት የመጨረሻዎቹ ናቸው። እነሱንም ቢሆን በጥሞና ካላነበባችኋቸው ያሳስታሉ።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንዲት የምግብ ቻናል ያላት ሴት የፋሲካ ዋዜማ የበግ እርዱን፣ ገፈፋውን፣ ብልት አወጣጡን ሳትቆርጥ ቀርጻ ዩቲዩብ ላይ ጫነች እንበል። በማግስቱ «አሰቃቂ ምስል» ተብሎ ተነሣ። ከዚህ በፊት ማስጠንቀቂያ ስለነበረባት ይህኛው የመጀመሪያ ስትራይክ ሆነ። አንድ ሳምንት ቪዲዮ መጫንም ላይቭ መግባትም አትችልም። በ90 ቀን ውስጥ ሁለተኛ ከተጨመረ ሁለት ሳምንት ነው። ሦስተኛ ከመጣ ቻናሉ ራሱ ይዘጋል። ስለዚህ አቤቱታ አስገባች።

ደርሶናል

ይህ ማሽን የላከው ደረሰኝ ነው። ሰው ገና አላየውም። ትርጉሙም አቤቱታው በትክክለኛው መንገድ ገብቷል፣ በሰዓቱም ገብቷል ማለት ብቻ ነው። መልእክቱ ካልመጣላችሁ የቻናሉን ኢሜይል ስፓም ሳጥን እዩ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ቻናሉ የተከፈተበት ኢሜይል የድሮ መሆኑ ነው፤ የይለፍ ቃሉን እንኳ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

እዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ሰው ደንግጦ የሚሠራው ነገር አለ፦ ቪዲዮውን ይሰርዛል። «ከጠፋ ይተዉኛል» ብሎ ነው። አይተዉትም። ቪዲዮውን ብትሰርዙት ስትራይኩ እንዳለ ይቀመጣል፤ ይግባኝ ለማለት ግን ምንም የቀረ ነገር አይኖርም። ስለዚህ አትንኩት።

በመታየት ላይ

አቤቱታው ወረፋ ውስጥ ነው። ቪዲዮው ተነሥቶ ይቆያል፤ አቤት ማለታችሁ ብቻውን ቅጣቱን አያነሣውም። ሁኔታው ለቀናት ካልተለወጠም ተረስታችኋል ማለት አይደለም፤ በየሰዓቱ ስቱዲዮ እየከፈቱ ማየት ግን ለጤና ጥሩ አይደለም።

ገምጋሚው የሚያየው ቪዲዮውንና እናንተ የጻፋችሁትን አጭር ማብራሪያ ነው። ዩቲዩብ ለትምህርት፣ ለዘገባ፣ ለሳይንስና ለጥበብ የተሠራ ይዘት ሲሆን አንዳንዴ ነገሩን በሌላ ዐይን ያየዋል። ሆኖም ዓላማው ከቪዲዮው መታየት አለበት። ለምሳሌያችን ሴት የሚጠቅማት ማብራሪያ እንዲህ ያለ ነው፦

«ቪዲዮው በኢትዮጵያ ለፋሲካ በዓል በየቤቱ የሚደረገውን የበግ እርድና የሥጋ አዘገጃጀት ያሳያል። እርዱ የሚታየው መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሥጋውን እንዴት እንደምንከፋፍልና ለወጥና ለጥብስ እንደምናዘጋጅ የሚያስተምር ነው። እንስሳው ሆን ተብሎ የሚሠቃይበት ክፍል የለም።»

በቃ። «አሥር ዓመት የደከምኩበት ቻናል» የሚለው እውነት ነው፤ ልብም ይነካል። ገምጋሚው ግን የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ቪዲዮው ደንቡን ጥሷል ወይስ አልጣሰም?

በዚሁ ጊዜ ቴሌግራም ላይ «ውስጥ ሰው አለን፣ እናፋጥንላችኋለን» የሚሉ ይመጣሉ። ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ቀጥለው ስልካችሁ ላይ የመጣውን ኮድ ይጠይቃሉ። ኮዱን የሰጣችሁ ቀን ቪዲዮ ብቻ ሳይሆን ቻናሉም ሄደ። ወረፋውን የሚያስቀድም ደላላ የለም።

ጸንቷል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ጸና» ሲባል ሰምተው እልል ያሉ አሉ። ምን እንደጸና ጠይቁ። ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ይግባኝ ሰሚው የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ ሊያጸናው፣ ሊያሻሽለው ወይም ሊሽረው ይችላል። እዚህም እንደዚያው ነው። «ውሳኔው ጸንቷል» ከተባለ የጸናው የማንሣቱ ውሳኔ ነው፤ ቪዲዮው አይመለስም። «አቤቱታዎ ተቀባይነት አግኝቷል» ከተባለ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በእንግሊዝኛ የሚደርሳችሁ መልእክት ለሁለቱም ያንኑ upheld የሚል ቃል ሊጠቀም ስለሚችል፣ ከቃሉ በፊት ውሳኔ ነው የሚለው ወይስ አቤቱታ የሚለውን እዩ። ቀጥሎ ያለውን መስመርም አንብቡ።

ነገሩ ምን ያህል ሊጠማዘዝ እንደሚችል የሚያሳይ የኛው ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 መጨረሻ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ በራያ ቆቦና በሌሎች የአማራ ክልል አካባቢዎች ስለተፈጸሙ የተባሉ ግፎች አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ በአማርኛ ጻፈ። ጽሑፉ የትግራይ ተወላጅ ነዋሪዎችንም ተባባሪ አድርጎ ይከሳል። የኩባንያው አማርኛ የሚለይ ማሽን ጠቆመው፤ ገምጋሚ አየውና በጥላቻ ንግግር አነሣው። ሰውየው አቤት አለ፤ ሁለተኛ ገምጋሚ ውሳኔውን አጸናው። ከዚያ የፌስቡክን ውሳኔዎች ወደሚመረምረው ነጻ የቁጥጥር ቦርድ ወሰደው። ቦርዱ ጉዳዩን ሲመርጠው የፌስቡክ ባለቤት ሜታ «ተሳስተናል» ብሎ በነሐሴ ጽሑፉን መለሰው። ባለጉዳዩ ያሸነፈ ይመስላል። በታኅሣሥ 2021 ግን ቦርዱ የመጀመሪያውን የማንሣት ውሳኔ አጸና። ምክንያቱም ተለወጠ፦ በዚህ ጊዜ የተጠቀሰው ሁከት ሊያስነሣ የሚችል ያልተረጋገጠ ወሬ ነው። ጽሑፉ እንደገና መነሣት ነበረበት። በአንድ ጉዳይ ጸና፣ ተመለሰ፣ እንደገና ጸና። ስለ ጽሑፉ ይዘት የየራሳችሁ አስተያየት ይኖራችኋል፤ እኔ ያመጣሁት ሂደቱን ለማሳየት ነው።

ውሳኔው ከጸና በኋላ ምን ይቀራል? ዩቲዩብ ላይ ለአንድ ስትራይክ አቤት የሚባለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የምሳሌያችን ሴት ስትራይኩ 90 ቀኑን ጨርሶ እስኪወርድ በጥንቃቄ መሥራት ነው ያላት። ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ግን የኩባንያው የመጨረሻ መልስ ከመጣ በኋላ የጉዳይ ቁጥር ይዞ ወደዚያው ቦርድ መሄድ ይቻላል። ጊዜው 15 ቀን ብቻ ነው። ቦርዱ የሚመርጠውም በጣም ጥቂት ጉዳይ ስለሆነ ተስፋችሁን ሁሉ እዚያ ላይ አትጣሉ። የፌስቡክ አካውንታችሁ ራሱ የታገደባችሁ ደግሞ አቤት ለማለት 180 ቀን አላችሁ። ካለፈ ለዘለቄታው ይዘጋል።

ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ስዊድን ወይም ሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ለምትኖሩ አንድ ተጨማሪ በር አለ። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የኅብረቱ የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ለአቤቱታ ቢያንስ ስድስት ወር ይሰጣል። አቤቱታው በማሽን ብቻ እንዳይወሰንም ይከለክላል። ከዚያም ከፍርድ ቤት ውጭ ወደሚሠሩ እውቅና ያላቸው አስታራቂ አካላት መውሰድ ትችላላችሁ። የእነሱ ውሳኔ ኩባንያውን አያስገድደውም። ቢሆንም በሌላ ሰው ዐይን መታየቱ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ሆናችሁ ግን ይህ በር አይከፈትም።

ተመልሷል

ደስ ይበላችሁ፤ ግን ወዲያው ግቡና አረጋግጡ። ቪዲዮው መመለሱ አንድ ነገር ነው፣ ስትራይኩ መነሣቱ ሌላ ነው፣ ገቢ ማግኘቱ ደግሞ ሦስተኛ። ገምጋሚው ሙሉ በሙሉ ከተስማማላችሁ ቪዲዮውም ይመለሳል፣ ስትራይኩም ይጠፋል። ቢጫው የዶላር ምልክት ግን በሌላ ግምገማ የሚወሰን ስለሆነ ሊቆይ ይችላል፤ እሱን ለብቻው ጠይቁ።

መሀል ላይ ያለ መልስም አለ። ለእርድ ቪዲዮዎች እኔ በብዛት የምጠብቀው እሱን ነው፦ «ደንብ አልጣሰም፤ ነገር ግን ለሁሉም ዕድሜ አይሆንም።» ቪዲዮው ተመልሶ የዕድሜ ገደብ ይደረግበታል። ከ18 ዓመት በታች ያሉና አካውንታቸውን ከፍተው ያልገቡ ሰዎች አያዩትም። ተመለሰ ብላችሁ ሊንኩን ለዘመድ ስትልኩ «አይከፍትም» የሚሏችሁ ለዚህ ነው። ስትራይክ ከመሸከም ይሻላል። የበዓሉ ሰሞን ተመልካች ግን አምልጧል፤ ያንን የሚመልስ አቤቱታ አላየሁም።

ዘፈን ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው

ከጀርባ ያስገባችሁት የበዓል ዘፈን ባለቤት ይገባኛል ካለ፣ ከላይ ያለውን እርሱት። እዚያ የምትከራከሩት ከዩቲዩብ ጋር ሳይሆን ከባለመብቱ ጋር ነው። ተቃውሞ ስታስገቡ ባለመብቱ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። ዝም ካለ ጥያቄው ይወርዳል። ካጸናውና እናንተም ይግባኝ ካላችሁ የ7 ቀን ጊዜ አለው። እዚያ ላይ በመጨረሻ ቪዲዮው እንዲወርድ ከጠየቀ የኮፒራይት ስትራይክ ይመጣል፤ ስለዚህ ፈቃድ ሳይኖራችሁ «የሆነው ይሁን» ብላችሁ እስከ ይግባኝ አትሂዱ። ፈቃድ ካላችሁ ደግሞ ጥያቄው በቀረበ በ5 ቀን ውስጥ ተቃወሙ፤ የማስታወቂያው ገቢ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለአሸናፊው ይያዛል።

መልስ ሲደርሳችሁ ላኩልኝ። ስክሪንሾት ስታነሱ ግን ርዕሱን ብቻ አይሁን። ሙሉ ኢሜይሉን፣ ቀኑንና የጉዳይ ቁጥሩን ጨምሩ። ፌስቡክ ከሆነ በዚያው ዕለት ላኩት፤ 15 ቀኑ መቁጠር ጀምሯል።