ለሳሎንሽ የመረጥኳቸው ቀለሞች

ሰላም እህቴ፣ እንዴት ዋልሽ? ቅዳሜ መጥቼ ከለካሁ ወዲህ ሳሎንሽ ከአእምሮዬ አልወጣም። የቀለሙን ምርጫ ጨርሻለሁ፣ የጨርቅ ናሙናዎቹን ደግሞ ነገ ማታ አደርስልሻለሁ። ከማየትሽ በፊት ግን ለምን እነዚህን እንደመረጥኩ ልንገርሽ፤ ምክንያቱም የላክሽልኝን ፎቶዎች አልተከተልኩም። ነጭ፣ ግራጫ፣ ግራጫ ነበር ፍላጎትሽ። ፎቶዎቹ ያምራሉ፣ እሱን አልክድም። ላንቺ ክፍል ግን አይሆኑም።

የኪራይ ውሉን አብረን አንብበነዋል። መቀባት የለም፣ አዲስ ቀዳዳ መብሳት የለም፣ ወለሉም እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ የክፍሉን ሁለት ትልልቅ ቀለሞች እኛ ሳንጠየቅ ሌላ ሰው መርጦልናል፦ ወደ ቢጫ የሚያደላ ክሬም ግድግዳ እና ቀይ ቡናማ ሴራሚክ። እነሱን እንደሌሉ ቆጥረን ብንጀምር በየቀኑ ይረብሹሻል። እኔ ያደረግኩት ተቃራኒውን ነው። ከነሱ ጀመርኩ፣ ሌላውን ሁሉ እነሱን እያየሁ መረጥኩ።

ግራጫው ለምን እንደማይሆን ላስረዳሽ። ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይናችን ልዩነታቸውን ያጋንናል። የመስኮትሽን ያህል ሰፊ ግራጫ መጋረጃ ከዚያ ክሬም ግድግዳ ጋር ብንሰቅል ግራጫው ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ መስሎ ይታይሻል፣ ግድግዳው ደግሞ አሁን ካለው የባሰ ይበጫል፣ ያረጀና በጭስ የጠቆረ ነው የሚመስለው። ድንገት ያስተዋልኩት ነገር አይደለም፣ ጥንትም የታወቀ ነው። ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት የጥልፍ ምንጣፍ በሚሠራበት ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታ ቀርቦለት ሲመረምር ጥፋቱ የክሩ ሳይሆን አጠገቡ የተሠሩት ቀለሞች መሆኑን አገኘ። በ1839 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው። ዛሬም ሰው ምንጣፍ ገዝቶ ቤቱ ሲያነጥፈው "ሱቅ ያየሁት ቀለም ይሄ አይደለም" የሚልበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። ንጹሕ ነጭም እንደዚያው ነው፤ አጠገቡ ያለውን ክሬም ቆሻሻ ያስመስለዋል።

አሁን ወደ ምርጫዬ ልምጣ።

መጋረጃው ያልነጣ ጥሬ ጥጥ ይሁን፣ ከግድግዳው በትንሹ የፈካ። ዓይን ከግድግዳ ወደ መጋረጃ ሲሻገር እንቅፋት እንዳያገኘው ነው የምፈልገው፣ ያኔ ክፍሉ ሰፋ ይላል፣ የግድግዳው ቢጫነትም ሆን ተብሎ የተመረጠ ይመስላል። የድሮውን መያዣ እንጠቀምበታለን፣ ዘንጉን ብቻ በረዘመ እንቀይረዋለን፣ ስለዚህ መብሳት አያስፈልግም። ጨርቁ የመስኮቱን ስፋት ሁለት እጥፍ ይሁን። በዚህ ላይ አትቆጥቢ፣ የሳሳ መጋረጃ የትኛውንም ቀለም ያዋርዳል።

ሁለተኛው የወይራ አረንጓዴ ነው። እንደማትወጂው ነግረሽኛል፣ አውቃለሁ፣ ግን አንድ ጊዜ ስሚኝ። ያንቺ ጥላቻ ለደማቁ አረንጓዴ ይመስለኛል፣ እሱንማ እኔም አላመጣውም፤ ደማቅ አረንጓዴ ከቀይ ወለል ጋር ሲገናኝ ወለሉን ይበልጥ ያቀላዋል። እኔ የምልሽ የደበዘዘው፣ ቢጫም ቡናማም የተቀላቀለበት ነው። በውስጡ ያለው ቢጫ ከግድግዳው ጋር ያስታርቀዋል፣ ቡናማው ከወለሉ ጋር። የሶፋው ልብስና ሁለት ትልልቅ ትራሶች በሱ ይሆናሉ። ሶፋሽ ከሰል የሚመስል ጥቁር ግራጫ ቢሆንም እሱን አንሸጥም፣ መቀመጫውን አልብሰን ጀርባውንና ክንዱን እንተወዋለን። ደግሞም የአራት ዓመት ልጅ አለሽ። የእጁ አሻራ በዚህ ቀለም ላይ ቶሎ አይታይም።

ምንጣፉ ላይ ነው ብዙ የቆየሁት። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር ነው፣ 20 ካሬ ማለት ነው። 2 በ3 የሆነ ምንጣፍ 6 ካሬውን ይሸፍናል፣ ከወለሉ ሲሶ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። እሱም ከሶፋው ፊት፣ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ስለዚህ ቀይ ቡናማውን ሙሉ በሙሉ አንደብቀውም፣ ግን የክፍሉ አለቃ መሆኑን እናስቀረዋለን። ያልተቀለመ ሱፍ የመሰለ፣ በላዩ ላይ ቀጭን ጥቁር ቡናማ መስመር ያለበት መርጫለሁ። የሶፋው የፊት እግሮች ምንጣፉ ላይ መቆም አለባቸው። ከዚህ ያነሰ ምንጣፍ ርካሽ ቢሆንም አትግዢ፣ መሐል ላይ እንደተጣለ ፎጣ ነው የሚሆነው።

ጡብማው ቀለም በጣም ጥቂት ቦታ ብቻ ይገባል። አንድ ትንሽ ትራስ፣ አንድ ማሰሮ፣ በቃ። ሥራው የወለሉን ቀለም ወደ ላይ አንስቶ አንድ ጊዜ መድገም ነው፤ ከፍ ብሎ ሲደገም ወለሉ ብቻውን የቀረ አይመስልም። ለሥዕሎቹ ፍሬምና ለመብራቱ እግር ጥቁር ቡናማ። ሥዕሎቹን ሚስማር ሳንመታ መደርደሪያው ላይ ግድግዳውን አስደግፈን እናቆማቸዋለን።

ስለ ብርሃኑ የምለውን ግን አደራ ልብ በይልኝ። መስኮትሽ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ጠዋት ክፍሉ ቀዝቀዝና ደብዘዝ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወርቃማ ብርሃን ይገባል፣ ቢጫና ቀይ የሆነውን ነገር ሁሉ ያጋግለዋል። አንቺ ቤት የምትገቢው አመሻሽ ላይ ነው። ስለዚህ ቀለሞቹን የመረጥኩት ለጠዋቱ ብርሃን ሳይሆን ለአመሻሹና ለአምፖሉ ነው። ሌላ ቤት በጠዋት ብርሃን የመረጥኩት ምንጣፍ ማታ ላይ ሌላ ቀለም ሆኖ ጠብቆኝ ያውቃል፤ የደንበኛዬን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም። አሁን ጣራው ላይ ያለው አምፖል ነጭ ሰማያዊ ነው፣ እሱ ካልተቀየረ ወይራው የሞተ አመድ ይመስላል። ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን የሚል፣ ማለትም ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን የሚሰጥ፣ CRI ተብሎ የሚጻፈው የቀለም ማሳያ ቁጥሩም 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ግዢ። ከሁሉም በፊት እሱን ቀይሪ፣ ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ለውጡ ግን ያስደንቅሻል። የድሮውንም አስቀምጪው፣ ስትለቂ መልሰሽ ትገጥሚዋለሽ።

ናሙናዎቹ ሲደርሱሽ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ አትፍረጂ። የመጋረጃውን ግድግዳው ላይ በወረቀት ፕላስተር ለጥፊው፣ የወይራውን ሶፋው ላይ ጣይው፣ የምንጣፉን ወለሉ ላይ አድርጊው። ጠዋት አንዴ፣ አመሻሽ ላይ አንዴ፣ መብራት አብርተሽ አንዴ እይ። በስልክ ፎቶ አንስተሽ አትወስኚ፣ ስልኩ ቀለሙን በራሱ ያስተካክለዋል። ሁለት ቀን እዚያው ይቆዩ።

ከዚያ በኋላም ወይራው ካልገባልሽ በግልጽ ንገሪኝ፣ አልቀየምም። በቡናማ እንተካዋለን፣ ክፍሉ ትንሽ ከበድ ይላል እንጂ ይሠራል። የመጋረጃውንና የምንጣፉን ቀለም ግን ባትነኪብኝ ደስ ይለኛል። ሐሙስ ማታ ድረስ መልስሽን ላኪልኝ፣ አርብ ጠዋት ጨርቁን አስቆርጣለሁ።