የእማማ የአልጋ ቁስል መከላከያ ዕቅድ

የተጻፈው፦ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን 2018፣ ቤት ለቤት በምትመጣው ነርስ
ለማን፦ ለልጃቸው፣ ለምራታቸው፣ ለልጅ ልጃቸውና ለቤቱ ረዳት። ከአልጋቸው በላይ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ።

እማማ 76 ዓመታቸው ነው፣ 48 ኪሎ ይመዝናሉ። ስትሮክ ከመታቸው ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ቀኝ እጅና እግራቸው ደክሟል፣ በዚያ በኩል ስሜታቸውም ቀንሷል። ከአልጋ አይወርዱም። ዳይፐር ይጠቀማሉ። ለስለስ ያለ ምግብ ይውጣሉ፣ ግን ትንሽ ብቻ ይበላሉ። የሚተኙት ጥሩ ውፍረት ባለው ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ነው።

ዛሬ ቆዳቸው ላይ ያየሁት

ጭራ አጥንታቸው ላይ የብር ሳንቲም የሚያህል ቦታ ከዙሪያው ጠቆር ብሏል። ስነካው ይሞቃል፣ እሳቸውም "እዚያጋ ያመኛል" ብለዋል። በጣቴ ስጫነው ቀለሙ አልተለወጠም። ቆዳው ግን አልተከፈተም። ይህ የአልጋ ቁስል አንደኛ ደረጃ ነው። ክብደታቸው ከላዩ ከተነሳለት ሊመለስ ይችላል። ካልተነሳለት ይከፈታል፣ ያኔ ደግሞ ወራት ይፈጃል። ዕቅዱን በሙሉ ያወጣሁት ይህን አንድ ቦታ አስቤ ነው። በጀርባቸው የሚሆኑት ሲበሉ ብቻ ነው።

የአደጋ ነጥብ (ብሬደን መለኪያ)

ይህ መለኪያ ከ6 እስከ 23 ይሄዳል። ነጥቡ ባነሰ ቁጥር አደጋው ይጨምራል።

ስሜት፦ 3። ግራ ጎናቸው ሲያማቸው ይናገራሉ፣ ቀኙ ላይ ግን አይታወቃቸውም።
እርጥበት፦ 2። ዳይፐሩ ብዙ ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይገኛል።
እንቅስቃሴ፦ 1። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ናቸው።
ራሳቸውን ማገላበጥ፦ 2። ግራ እጃቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ መዞር ግን አይችሉም።
ምግብ፦ 2። ከሚቀርብላቸው ግማሹን ያህል ነው የሚበሉት።
መንሸራተትና መፋተግ፦ 1። ወደ ታች ይንሸራተታሉ፣ ስናነሳቸውም ቆዳቸው አንሶላው ላይ ይጎተታል።

ድምር 11። ከ10 እስከ 12 ከፍተኛ አደጋ ነው። በየሳምንቱ ረቡዕ ደግሜ እሞላዋለሁ። ትኩሳት ከያዛቸው ወይም መብላት ካቆሙ ግን ረቡዕን አልጠብቅም፣ ያን ዕለት እመጣለሁ።

የማገላበጫ ሰዓት

ጠዋት 12፦ ቀኝ ጎን
2፦ በጀርባ፣ ቁርስ
3፦ ግራ ጎን
5፦ ቀኝ ጎን
7፦ በጀርባ፣ ምሳ
8፦ ግራ ጎን
10፦ ቀኝ ጎን
ምሽት 12፦ ግራ ጎን
ማታ 2፦ በጀርባ፣ እራት
3፦ ግራ ጎን
ሌሊት 6፦ ቀኝ ጎን
9፦ ግራ ጎን

ቀን ላይ ምራታቸውና ረዳቷ፣ ከምሽቱ 12 እስከ ማታ 3 ልጃቸው ከሌላ አንድ ሰው ጋር። የሌሊቱን 6 እና 9 ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አብረው ያደርጉታል። ሌሊቱን በየ3 ሰዓት ያደረግኩት ፍራሹ ጥሩ ስለሆነና እናንተም መተኛት ስላለባችሁ ነው። ደክሟችሁ ስታነሷቸው እሳቸውም እናንተም ትጎዳላችሁ። ግን ጠዋት ስታዩት የጠቆረው ቦታ ከሰፋ፣ ወይም አዲስ ቦታ ከመጣ፣ ሌሊቱም በየ2 ሰዓት ይሆናል። ያኔ ተረኛ እንጨምራለን።

ባገላበጣችኋቸው ቁጥር ሰዓቱን፣ ጎኑንና የዳይፐሩን ሁኔታ ደብተሩ ላይ ጻፉ። ካለፋችሁም ያለፋችሁትን ጻፉ። ማንም አይወቅሳችሁም። ቆዳው ከተለወጠ ግን ምክንያቱን የምናገኘው እዚያ ነው።

አገላበጡ

ሁለት ሰው ሁኑ። ከትከሻቸው እስከ ጭናቸው ከሥራቸው የታጠፈ አንሶላ ይኑር። አንሶላውን ከሁለት በኩል ይዛችሁ አንሱ እንጂ ሰውነታቸውን አትጎትቱ። ብብታቸውን ይዞ ወደ ላይ መሳብ ዛሬ ይቁም፣ የደከመውን ትከሻ ያወልቃል።

በጎን ሲሆኑ ሙሉ ለሙሉ አይደለም። ከጀርባቸው ትራስ አድርጉና 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ይበሉ። ሙሉ በሙሉ በጎን ከተኙ ክብደቱ ዳሌ አጥንት ላይ ያርፋል። በቀኝ ሲተኙ ትከሻውን ትንሽ ወደ ፊት አውጡት። በመጨረሻ እጃችሁን በጭራ አጥንታቸው ሥር አስገቡ። እጃችሁ በቀላሉ ካለፈ ልክ ነው።

በጉልበቶቻቸው መካከል ትራስ ይኑር። ተረከዛቸው ምንም ነገር አይንካ። ከጉልበት በታች ያለውን እግር በርዝመቱ የሚሸከም ትራስ አድርጉ፣ ተረከዙ አየር ላይ ይቅር። ብዙ ቤት ውሃ የተሞላ ጓንት ወይም ቀለበት ትራስ ሲጠቀሙ አያለሁ፣ ከፍቅር እንደሆነም አውቃለሁ። እባካችሁ አትጠቀሙ። ቀለበቱ በዙሪያው ያለውን ቆዳ ይጫናል፣ ደምም ይከለክላል።

ሲበሉ ቀና ማለት አለባቸው፣ አለዚያ ትን ይላቸዋል። ግን ቀና ሲሉ ወደ ታች ይንሸራተታሉ፣ ቆዳው ይፋተጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጉልበታቸውን በትራስ ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ ጀርባቸውን ቀና አድርጉ። ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀና ብለው ይቆዩ። በጠቅላላው ከአንድ ሰዓት አይለፍ። ከዚያ ውጭ የራስጌው ከፍታ ከ30 ዲግሪ አይበልጥ።

ቆዳ ማየት

በቀን ሁለት ጊዜ፦ ጠዋት ሲታጠቡና ማታ 3 ሰዓት ላይ። መብራት አብሩ፣ የስልክ ባትሪም ጨምሩ። የጭንቅላት ኋላ፣ ጆሮ፣ ትከሻ፣ ክርን፣ ጭራ አጥንት፣ ሁለቱ ዳሌዎች፣ በጉልበቶች መካከል፣ ቁርጭምጭሚት፣ ተረከዝ። ቀኝ ጎናቸው ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ እዚያ ቢያማቸውም አይነግሯችሁም።

መጽሐፍ ላይ "ቀይ ይሆናል" ይላል። የእማማ ቆዳ ጥቁር ስለሆነ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጅ ነው የምታዩት። በእጃችሁ ጀርባ ንኩና ከጎኑ ካለው ቆዳ ጋር አወዳድሩ፦ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጠጥሯል ወይስ እንደ ሊጥ ላልቷል? ጠቁሯል ወይም ወደ ወይን ጠጅ ሄዷል? ጭራ አጥንቱን በየጠዋቱ ከአንድ ርቀት ፎቶ አንሱና በቴሌግራም ላኩልኝ። ስታነሱ ግን ፈቃዳቸውን ጠይቁ፣ ሌላውን ሰውነታቸውንም ሸፍኑ።

የጠቆረውን ቦታ አትሹት። ቅቤም አልኮልም አይነካው። ማሸት ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ይብሱን ይጎዳዋል።

እርጥበትና ምግብ

በየማገላበጡ ዳይፐሩን እዩ። ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና እጠቡ፣ በጨርቅ ተጭናችሁ አድርቁ እንጂ አትፈትጉ። ከዚያ የዚንክ ቅባት በስሱ። ዱቄት አያስፈልግም።

በቀን ከ58 እስከ 72 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። የኩላሊት ምርመራቸው ደህና ስለሆነ ችግር የለውም። ጠዋት 2 እንቁላል 12 ግራም ያህል ይሰጣል። ወተት፣ ወፈር ያለ ሽሮ፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ምስር በየመሃሉ። ትንሽ ትንሽ፣ በቀን 5 ጊዜ። ከሦስቱ ዋና ምግቦች ውጭ ያሉትን ሁለቱን ቀን 5 እና 10 ሰዓት ላይ ከማገላበጣችሁ በፊት ቀና አድርጋችሁ ስጧቸው። ስለ ጾሙ የንስሐ አባታቸው ፈቅደውላቸዋል፣ እሳቸው ግን አሁንም ቅር ይላቸዋል። ልጃቸው ጠዋት ጠዋት አጠገባቸው ተቀምጦ ያብላቸው፣ ከእሱ እጅ ይቀበላሉ።

ወዲያው የምትደውሉልኝ

ቆዳው ውሃ ከቋጠረ ወይም ከተከፈተ፣ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ከተለወጠ፣ ሽታ ወይም መግል ካለው፣ የሰውነት ሙቀታቸው 38 ከደረሰ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ካልበሉ። ሌሊትም ቢሆን ደውሉ። ካላነሳሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው። መኪና ውስጥም በጎናቸው ይተኙ፣ ትራሶቹን ይዛችሁ ሂዱ።

የሚቀጥለው ግምገማ፦ ረቡዕ ጥቅምት 19፣ ጠዋት 4 ሰዓት። ደብተሩን አዘጋጁልኝ።