የልብስ ማጠቢያው ማኑዋል በአጭሩ፦ የቱ ነገር የት ገጽ ላይ አለ?

ማኑዋሉ 64 ገጽ ነው፤ አትደንግጡ። አብዛኛው የፕሮግራም ሰንጠረዥና የዋስትና ጽሑፍ ነው። ለተከላውም ለአጠቃቀሙም የሚያስፈልጋችሁ ሦስት ቦታ ነው፦ ማስጠንቀቂያ ከገጽ 4 እስከ 7፣ ተከላ ከገጽ 10 እስከ 17፣ ብልሽት ከገጽ 52 እስከ 57።

ተከላ

መጀመሪያ ገጽ 11ን ክፈቱ። ሌላውን ብትዘሉ እንኳ ይቺን እንዳትዘሉ። ከማሽኑ ጀርባ አራት ረጃጅም ብሎኖች አሉ። በጉዞ ላይ ከበሮው እንዳይወዛወዝ ጠፍንገው የያዙት እነሱ ናቸው። ሳይፈቱ ማሽኑ ከተነሳ ጨመቃው ላይ ሲደርስ ወለሉ ላይ ይዘላል፤ ውስጡም ይጎዳል። ፈትታችሁ ከነፕላስቲካቸው ሳቡና አውጧቸው። ቀዳዳዎቹን አብረው በመጡት ክዳኖች ድፈኑ። ብሎኖቹን ግን አትጣሏቸው፤ ማሽኑ ሌላ ቦታ ሲሄድ ተመልሰው ይታሰራሉ።

ገጽ 13 ማስተካከያው ነው። ውሃ ልክ ማሽኑ አናት ላይ አስቀምጡና እግሮቹን እያዞራችሁ ሚዛኑን አምጡት። ሲስተካከል የእያንዳንዱን እግር ዳዶ ወደ ላይ፣ ከማሽኑ ሥር እስኪገጥም አጥብቁ። አለበለዚያ በንዝረቱ ቀስ በቀስ ይላላል።

ገጽ 15፦ አብሮ የመጣውን አዲስ የውሃ ቱቦ ግጠሙ፤ አሮጌው አይመለስም። የፍሳሹ ቱቦ ጫፍ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ዝቅ ካለ ውሃው ሳይታጠብበት ሾልኮ ያልቃል። የመጀመሪያው ዙር ያለ ልብስ ነው፣ ገጽ 17።

ማስጠንቀቂያ

ግራውንድ ያለው ሶኬት የግድ ነው፤ ማራዘሚያ ክልክል ነው። ቤንዚን ወይም ቲነር የነካው ልብስ አይገባም፣ እሳት ያስነሳል። ሕፃናት ከበሮው ውስጥ ገብተው እንዳይጫወቱ በሩን ዝጉ።

አንዱ ማስጠንቀቂያ ግን ያለቦታው ገጽ 43 ላይ፣ ከጽዳቱ መሃል ተሸጉጧል። በ90 ዲግሪ ካጠባችሁ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ማጣሪያውን አትክፈቱ። የፈላ ውሃ እጃችሁ ላይ ይገነፍላል።

ብልሽት

E1 ውሃ አልገባም ማለት ነው። ቧንቧው መከፈቱን፣ ከዚያም ቱቦው ማሽኑን የሚነካበት ቦታ ያለችውን ወንፊት እዩ።

E2 ውሃው አልፈሰሰም ነው። ሶኬቱን ንቀሉ። ከታች በቀኝ በኩል ያለችውን ትንሽ በር ክፈቱ፤ ዝርግ ሳህን ሥሯ አድርጉና ማጣሪያውን ቀስ እያላችሁ ወደ ግራ አዙሩ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሳንቲም፣ አዝራር ወይም የሕፃን ካልሲ ነው።

ማሽኑ ከጨረሰ በኋላ በሩ አልከፈት ካለ እስከ 2 ደቂቃ ጠብቁ፤ አትታገሉት። ከተንቀጠቀጠ ወደ ገጽ 11 እና 13 ተመለሱ።

የሚቃጠል ነገር ከሸተታችሁ ገጽ 57 እንዲህ ይላል፦ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ቧንቧውን ዝጉ፣ ባለሙያ ጥሩ። የሚጠይቃችሁ የሞዴል ቁጥር በሩን ስትከፍቱ ጠርዙ ላይ ተለጥፏል።