የሁለተኛው ማሸጊያ ማሽን ግዥ፦ የሦስት ሁኔታዎች ትንተና

ለ፦ ማኔጅመንት ኮሚቴ
ከ፦ ፋይናንስ ክፍል

ማሽኑ ተገዝቶና ተተክሎ ሥራ እስኪጀምር 50 ሚሊዮን ይወጣል። አምስት ዓመት ያገለግላል፤ በመጨረሻ ለሽያጭ የሚተርፍ ዋጋ አልያዝንለትም። የዲስካውንት ምጣኔው 12 በመቶ ነው። አሃዞቹ በሙሉ በሚሊዮን ናቸው።

| ሁኔታ | ዓመታዊ የተጣራ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት | የተጣራ የአሁን ዋጋ | ዕድል | ሲባዛ |
|---|---|---|---|---|
| መልካም | 22 | 29.31 | 20% | 5.86 |
| መካከለኛ | 16 | 7.68 | 50% | 3.84 |
| መጥፎ | 8 | −21.16 | 30% | −6.35 |
| የሚጠበቅ | | | 100% | 3.35 |

መልካሙ የሚሆነው ከትልቁ ደንበኛ ጋር የተጀመረው ድርድር በውል ካለቀና ማሽኑ በሁለት ፈረቃ ከሠራ ነው። መካከለኛው የዛሬው ገበያ እንዳለ ቢቀጥል የሚገኘው ነው፤ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

መጥፎው ላይ ግን ቆም እንበል። ባለፈው ስብሰባ የመሸጫ ዋጋ መውረድና የጥሬ ዕቃ መወደድ ለየብቻ ታይተው፣ ሁለቱም ብቻቸውን ሲመጡ ፕሮጀክቱ ሳይከስር ይዘልቃል ተብሎ ነበር። ልክ ነው። ነገር ግን አዲስ ተፎካካሪ ሲገባ ዋጋውን ይሰብራል፣ ያንኑ ጥሬ ዕቃም ይሻማናል፤ ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት። 8 የተገኘው እንደዚያ ተሰልቶ ነው።

3.35ን የሚያገኘው ማንም የለም። ከሦስቱ አንዱ ይደርሳል፣ በዚያን ቀን በእጃችን የሚገኘውም ወይ ትርፍ ወይ የ21.16 ጉድጓድ ነው። ዕድሎቹም የሽያጭና የምርት ክፍሎች ተከራክረው የተስማሙባቸው ግምቶች እንጂ የተለኩ አይደሉም። (ሽያጭ ክፍል ለመልካሙ 35 በመቶ ነበር የጠየቀው።) ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጥነው፦ የመልካሙን 20 በመቶ ሳንነካ፣ ከመካከለኛው እየቀነስን ወደ መጥፎው ብናዛውር የሚጠበቀው ዋጋ የት ላይ ዜሮ ይሆናል? መጥፎው ወደ 42 በመቶ ሲጠጋ። ከ30 ብዙም አይርቅም። ለመጥፎው ብለን ምጣኔውን ከ12 በላይ እንዳናደርገው ደግሞ አደራ፤ ስጋቱ በዕድሎቹ ውስጥ ስላለ ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል።

ሥዕሉን የሚለውጠው መውጫ በር ነው። ማሽኑን የሚያቀርበው ድርጅት በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ በ25 መልሶ ሊገዛ እንደሚችል በቃል ተናግሯል። በመጥፎው ሁኔታ የቀሩት ሦስት ዓመታት በዚያን ጊዜ ዋጋ 19.2 ብቻ ስለሚያወጡ መሸጡ ይሻላል። ኪሳራው ወደ 16.55 ይወርዳል፤ የሚጠበቀው የተጣራ የአሁን ዋጋም 4.73 ይደርሳል።

ግዥውን እንደግፋለን፤ ነገር ግን መልሶ የመግዛቱ ግዴታ በውሉ ውስጥ በጽሑፍ እስኪገባ ድረስ ቅድመ ክፍያ እንዳይለቀቅ እንጠይቃለን።