ቀስ በይ፣ ሐሙስም ነይ

እንኳን መጣሽ። የግራ ጫማሽን እንደገና እሰሪው፣ ሊፈታ ነው። እዚያ ላይ የሚመላለሱትን ልጆች ደግሞ አትያቸው። መስቀል አደባባይ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሁሉም ሯጭ ይመስላል። እነሱ እርከኑን ከዳር እስከ ዳር ይሩጡበት፤ እኔና አንቺ እዚህ ታች ነን።

እየሄድን ላውራሽ። አራት ደቂቃ እርምጃ፣ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ አምስት ዙር። በቃ። «ይቺማ ምን አላት?» እያልሽ ነው አይደል? ድሮ ጃንሜዳን ስትዞሪ የነበረው ትዝ እያለሽ ነው። ያኔ ሁለት ልጅ አልነበረሽም፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ውለሽ፣ ማታ ታክሲ ተጋፍተሽ አትገቢም ነበር። ይሄ ሁሉ እያለ በዚህ ብርድ ከአልጋ መውረድሽን እኔ እንደ ቀላል አላየውም።

በይ አሁን ሶምሶማ! ትከሻሽን ልቀቂው። እርምጃሽን አሳጥሪ፣ እጅሽን አትጨብጪ። እስቲ ትናንት እራት ምን እንደሠራሽ ንገሪኝ። አየሽ፣ አንድ ነገር አውርተሽ መጨረስ ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው፤ ቀንሺ። ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የለመደውንም ታስተነፍሳለች። አትፈሪ።

ይሄን ግን ያዢልኝ። ትንፋሽ ቶሎ ይመለሳል። አንዴ የሠራ ጡንቻም ከጀማሪው ፈጥኖ ይነቃል፤ የድሮው ልፋትሽ ውኃ አልበላውም። ጅማት ነው ግትሩ። ሦስተኛው አራተኛው ሳምንት ላይ ደረትሽ ቅልል ይልሽና «ዛሬስ ልልቀቀው» ትያለሽ። እኔ የምፈራው ያን ቀን ነው። ጉልበት የሚያዘው፣ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት የሚቆጣው ያኔ ነው። ስንቱ ጎበዝ በዚያች ሳምንት ተጎድቶ ቤቱ ቀረ! ስለዚህ ያን ጊዜ «ተይ» ስልሽ እንዳትቀየሚኝ።

ነገና ከነገ ወዲያ ባትሽና ጭንሽ ያምሻል። ደረጃ ስትወርጂ ግድግዳ ትይዢያለሽ፤ የቢሮ ሰው ይሳቅ እንግዲህ። ሁለቱም እግርሽ ላይ ከሆነና ስትንቀሳቀሺ ከለቀቀሽ ምንም አይደል። አንድ ቦታ ላይ እንደ መርፌ ከወጋሽ ግን አትቻይው፣ ደውዪልኝ። ደረትሽን ከተጫነሽ ወይም ካዞረሽ ወዲያው ቁሚ፤ እሱ የሐኪም ነው፣ የእኔ አይደለም።

ጾም ገባ ብለሽም እንዳትጠፊ። ሰዓቱን እናስተካክላለን፣ ዙሩንም እንቀንሳለን።

ጎሽ! አምስተኛው አለቀ። ምን? አንድ ልጨምር? አይሆንም። የቀረሽን ጉልበት ይዘሽው ግቢ። ላብሽ ሳይበርድብሽ ሹራብሽን ደርቢ፣ ውኃ ጠጪ። ሐሙስ በዚሁ ሰዓት እዚሁ ነኝ።